ሐራራ ሲነሳ፦ በፍራንክፈርት የታክሲ ሰልፍ ላይ አስር ደቂቃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ፍራንክፈርት በሚያርፍ አውሮፕላን ውስጥ፣ በቀን አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ሰባት ሰዓት ገደማ ሲጋራ ሳይነካ ይቀመጣል። ይበላል፣ ፊልም ያያል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ሲጋራ ትዝ ቢለው እንኳ ብዙም አያንገበግበውም። አውሮፕላኑ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ግን እጁ ኪሱን ይዳብሳል። የፓስፖርት ሰልፉ ላይ እግሩ አንድ ቦታ አልቆም ይለዋል። ሻንጣው እስኪመጣ የሚጠብቃት ግማሽ ሰዓት ካሳለፈው ሰባት ሰዓት በላይ ትረዝምበታለች።

ይህን ሰው ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ኒኮቲን በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። በስድስተኛው ሰዓት ላይ የሚቀረው ከመነሻው አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ሐራራ የኒኮቲን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ገና ሰሃራን ሲያቋርጥ መቀመጫው ላይ መቁነጥነጥ በጀመረ ነበር። እስከ ማረፊያው ድረስ ምን አስታገሠው? ሲያርፍስ ምን ነካው?

የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሩቨን ዳር እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆች ላይ ፈትሸውታል። ያው አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ወደ አውሮፓ በሚሄድ አጭር በረራ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኒውዮርክ በሚሄድ ረጅም በረራ ላይ እያለ የሐራራውን ብርታት በየጊዜው በቁጥር እንዲመዘግብ ተደረገ። አጭሩ በረራ ሊያርፍ ሲል ሐራራው ጣራ ነካ። በረጅሙ በረራ ላይ ግን በዚያው ሰዓት፣ ያው ሰው ለያው ያህል ጊዜ ሳያጨስ ቆይቶ፣ ሐራራው ዝቅ ያለ ነበር። እሱም ከፍ ያለው ኒውዮርክ ሲቃረብ ነው። ሐራራውን በዋናነት ያስነሳው ያለ ሲጋራ የቆዩበት ሰዓት ርዝመት ሳይሆን የሚያጨሱበት ጊዜ መቅረብ ነበር።

ይህን ጉዳይ አንስቼ እንድጽፍ ያደረገኝ እዚህ ፍራንክፈርት ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ነው። በአዲስ አበባ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ሲጋራን ለማቆም ሲሞክር ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በእድሜ ስለምበልጠው ጋሼ ይለኛል። ካቆመ በአስራ አንደኛው ቀን ቤቴ መጥቶ ክንዱ ላይ ያለውን የኒኮቲን ፕላስተር ገልጦ አሳየኝና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር አይሠራም። ጠዋት ደህና ነኝ፣ ማታም ደህና ነኝ። ሰልፉ ላይ ስደርስ ግን ያሳብደኛል፤ ፕላስተሩ ያኔ የት ነው ያለው?»

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልስም አለው። በእኛ ቋንቋ ለቡናም፣ ለጫትም፣ ለሲጋራም የምንጠቀምባት «ሐራራ» የምትባለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ጠቅልላ ይዛለች። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ከስር የሚያጉረመርመው ነው፤ መነጫነጭ፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ እንቅልፍ መቆራረጥ። ይህ ከኒኮቲን ማነስ ይመጣል፤ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ በሳምንታት ውስጥም ቀስ እያለ ይጠፋል። ሁለተኛው ድንገት የሚጥለው ነው፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሽታ፣ አንድ ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጋጋላል፣ ሲጋራ ካላገኘም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሲብስ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ይበርዳል። ፕላስተር ኒኮቲንን በቆዳ በኩል በዝግታና በእኩል መጠን ስለሚያስገባ የሚያክመው የመጀመሪያውን ነው። በሁለተኛው ላይ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው። ወዳጄ ጠዋትና ማታ ደህና የሆነው ፕላስተሩ ስለሠራ ነው፤ ሰልፉ ላይ የሚመጣበት ግን ሌላኛው ነው።

ሰልፉ ለምን? በጀርመን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ታክሲ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ሹፌሩም ቢሆን አይችልም። ስለዚህ የሹፌር ሲጋራ ሁሉ ከመኪናው ወጥቶ ሰልፉ ላይ ተከማቸ። በዋናው ባቡር ጣቢያ፣ በሀውፕትባንሆፍ ፊት ለፊት መኪናውን ሲያቆም፣ በሩን ሲከፍት፣ ጀርባውን ሲያፍታታ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሲቆም፣ በየቀኑ ብዙ ጊዜ፣ ለዘጠኝ ዓመት ያጨሰው እዚያው ነው። ያ ቦታ ለእሱ እንደ አውሮፕላኑ ማረፊያ ነው፤ «አሁን ይቻላል» የሚል ደወል። በሥራ ላይ፣ በመንገዱ ላይ እያለ ሐራራ የማይነሳበትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ፤ ወዳጄ ራሱ በዝርዝር ስለነገረኝ እንደነገረኝ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት አንድ ተሳፋሪ በሂሳብ ተጨቃጭቆት በሩን በኃይል ዘግቶበት ወረደ። ከሰዓት በፊት እህቱ ከአዲስ አበባ ደውላ እናታቸው ሆስፒታል መግባታቸውንና ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ነገረችው። ስልኩን ዘግቶ ሰልፉ ላይ ደረሰ። ከፊቱ ስምንት መኪና አለ። ወጣ። አንድ የሚያውቀው ሹፌር ፊቱን አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ፓኮውን ዘረጋለት። በደግነት ነው የዘረጋለት።

«በዚያች ሰዓት ምን ተሰማህ?» ስለው፣ «አየሁት» አለኝ። «ክብሪቱ ሲጫር፣ የመጀመሪያው ጭስ ሲገባ፣ ትከሻዬ ሲወርድ፣ ሁሉንም አየሁት። ገና ሳልቀበለው።»

ይህ «አየሁት» ማለቱ የነገሩ ቁልፍ ነው። ዴቪድ ካቫና፣ ጃኪ አንድራዴ እና ጆን ሜይ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ፣ ድንገተኛ ሐራራ በሁለት እርከን ይመጣል ይላሉ። መጀመሪያ ሐሳቡ ሳይጋበዝ ብልጭ ይላል፤ ይህን ማንም ሊያስቆመው አይችልም። ቀጥሎ አእምሮ ያንን ብልጭታ ይዞ ማስጌጥ ይጀምራል፤ ምስል ይሥልበታል፣ ጣዕምና ሽታ ይጨምርበታል። የሚያንገበግበው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። ምስል ለመሣል ደግሞ አእምሮ ያለው ሰሌዳ ጠባብ ነው። ሌላ ምስል ከሞላው ለሲጋራው ቦታ ያጥረዋል።

ይህ በተግባር ተሞክሯል። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሙከራ ሰዎች ለሦስት ደቂቃ ቴትሪስ የተባለውን፣ ቅርጾች እየወረዱ የሚገጣጠሙበትን የስልክ ጨዋታ ተጫወቱ። የሚመኙት ነገር ብርታት፣ ጨዋታው ሲጫን ብቻ እያዩ ከጠበቁት ሰዎች ይልቅ ቀነሰ። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን ሙከራውን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ 31 ተማሪዎች ለሳምንት በየዕለት ኑሯቸው እንዲሞክሩት አደረገ። የምኞቱ ብርታት ከመቶ 70 ወደ 56 ገደማ ወረደ፤ ሳምንቱን ሙሉም ጨዋታው አልተሰለቸም፣ ኃይሉም አልደከመም። ከሰባ ወደ ሃምሳ ስድስት ሲወርድ ምኞቱ ጠፋ ማለት አይደለም። «መቋቋም አልችልም» ከሚባልበት «ከብዶኛል ግን እችላለሁ» ወደሚባልበት ወረደ ማለት ነው። ለአስር ደቂቃ ይህ ይበቃል።

ወዳጄ የስልክ ጨዋታ አይሆንለትም፤ ዓይኑን ከሰልፉ ላይ ማንሳትም አይችልም፣ የፊቱ መኪና ሲንቀሳቀስ መከተል አለበት። ስለዚህ በዚያው ሐሳብ የራሱን ነገር ሠራ። ሲጋራውን ሳይቀበል መቀመጫው ላይ ተመልሶ ገባና የድሮ መስመሩን፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ በዓይነ ህሊናው መንዳት ያዘ። በቃላት ቢዘረዝራቸው ስም ብቻ ይሆኑ ነበር፤ እሱ ግን አያቸው። መገናኛ ላይ ረዳቱ በር ይዞ ሲጣራ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ጋ በቀኝ በኩል የሚቆሙት ሰዎች። ዑራኤል ሲደርስ ተሳልሞ የሚያልፈው ተሳፋሪ። ባምቢስ፣ እስጢፋኖስ፣ ለገሃር። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቀለሙን፣ ጥላውን፣ ማን ወጣ ማን ወረደን ያያል። ሜክሲኮ ሲደርስ ስምንቱ መኪኖች አራት ሆነዋል። ሙከራዎቹ እንደሚያሳዩት ሥራው ዓይንን ወይም ዓይነ ህሊናን የሚይዝ መሆን አለበት፤ ቁጥር መቁጠር ወይም ድምፅን ማሰብ ለሲጋራ ሐራራ ያን ያህል አይሠራም። መኪና እየነዱ ይህን ማድረግ ግን አይገባም፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ይህን አይደለም። «አታስብ! እርሳው!» ነው የምንለው። ይህ የሚያስከትለው ዕዳ አለ። ጄምስ ኧርስኪን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አጫሾች ለአንድ ሳምንት ስለ ሲጋራ ማሰብን እንዲያፍኑ ተነገራቸው። በዚያ ሳምንት ያነሰ አጨሱ። በቀጣዩ ሳምንት ግን፣ ማፈኑን ሲተዉ፣ ካልታዘዙት ሁሉ የበለጠ አጨሱ። ሐሳብን በሌላ ምስል መተካትና ሐሳብን መርገጥ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ የተካው ሰው የሚሠራው ሌላ ሥራ አለው፤ የረገጠው ሰው ግን ሲጋራው ብቅ እንዳይል ሲጠብቅ ሲጋራውን ሲያይ ይውላል።

ከዚህ የተለየ ሦስተኛ መንገድም አለ። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አለን ማርላት ሐራራን ከባሕር ማዕበል ጋር አመሳስሎ፣ መቃወሙን ትቶ ላዩ ላይ መንሳፈፍን ያስተምር ነበር። አደራረጉ እንዲህ ነው። ሐራራው በሰውነት የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ መፈለግ፤ ጉሮሮ ላይ ነው? ደረት ላይ? መንጋጋ ላይ? ከዚያ ሳይነኩት ማየት፤ እየከረረ ነው ወይስ እየላላ፣ ትኩስ ነው ወይስ ቀዝቃዛ። ትንፋሽን በዝግታ እያስገቡ እያወጡ እስኪወጣና እስኪወርድ አብሮ መቆየት። ሣራ ቦወን ከማርላት ጋር ይህን በ123 አጫሽ ተማሪዎች ላይ ሞክራ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመች። ውጤቱ ያልተጠበቀ ነው፤ ዘዴውን የተማሩት ሰዎች የተሰማቸው ሐራራ ካልተማሩት አላነሰም። በቀጣዮቹ ሰባት ቀናት ግን ያነሰ ሲጋራ አጨሱ። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ብዙ ቆዝሞ፣ «ታዲያ ሐራራው እያለ ነዋ የተዉት» አለ። አዎ። ሐራራውን ሳያጠፉ፣ ሐራራውንና እጅን አለያዩ። ስለዚህ ይህን ዘዴ የሚሞክር ሰው «ስሜቱ አልጠፋልኝም፣ እንግዲህ አልሠራም» ብሎ መተው የለበትም። መለኪያው የተሰማው ነገር አይደለም፤ ያጨሰው ወይም ያላጨሰው ሲጋራ ነው።

ሰውነትን ማንቀሳቀስ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለው ነው ብል አልሳሳትም። ኤድሪያን ቴይለር፣ ማይክል አሸር እና ጋይ ፎክነር እ.ኤ.አ. በ2007 ቀድሞ የተሠሩትን ሙከራዎች አሰባስበው ሲያዩ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንኳ የሲጋራ ሐራራን እንደሚያወርድ አገኙ። መጠነኛ ማለት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ ማውራት የሚቻልበት መዝፈን ግን የማይቻልበት። የቢሮ ሠራተኛ ከሆኑ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሀውፕትባንሆፍ አካባቢ ተነስቶ ወደ ማይን ወንዝ ዳር ወርዶ መመለስ ከበቂ በላይ ነው። የታክሲ ሹፌር ግን ሰልፉን ጥሎ አይሄድም። ለዚህ የአሸር ቡድን የሠራው ሌላ ሙከራ ደረሰለት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጡንቻን በማጥበቅ ብቻ የሚሠራ እንቅስቃሴም ለአምስት ደቂቃ ሲደረግ ሐራራን ቀንሷል። ሁለት መዳፍ ደረት ፊት አጋጥሞ እርስ በርስ መግፋት፣ አስር ቆጥሮ ማላላት። ሁለት ጫማ ወለሉን መግፋት፣ ማላላት። ጣቶችን አቆላልፎ ወደ ውጭ መሳብ፣ ማላላት። ሲገፉ ትንፋሽን መያዝ የለም፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እንቅስቃሴ የዚያን ሰዓት ሐራራ እንደሚያወርድ የታወቀ ነው። ሰዎች ለወራት ሳያጨሱ እንዲቆዩ ማድረጉ ግን አልተረጋገጠም፤ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ ይህን የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱ አይቃረኑም። ጃንጥላ ዛሬ ከዝናብ ያድናል፤ ክረምቱን አያሳጥርም።

አሁን ወዳጄ የተሰናከለበት ላይ ደረስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከፕላስተሩ ጋር የኒኮቲን ማስቲካ እንዲጨምር ተመካከርን። ፕላስተርና ፈጥኖ የሚሠራ ኒኮቲን አብሮ መውሰድ ከአንዱ ብቻ ይሻላል፤ በኮክሬን ግምት አንዱን ብቻ ከሚጠቀሙ መቶ ሰዎች 14፣ ሁለቱን ከሚያጣምሩ መቶ ሰዎች ደግሞ 17 ያህሉ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሳያጨሱ ይቆያሉ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም እውነተኛ ነው። ማስቲካው በጀርመን በአፖቴኬ ያለ ሐኪም ወረቀት ይገኛል፤ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊግራም አለ። የቱ እንደሚስማማ ከፋርማሲስቱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ እርጉዝ የሆነች፣ በቅርቡ የልብ ሕመም ያጋጠመው ደግሞ ከሐኪም ጋር።

በሦስተኛው ሳምንት ወዳጄ አንድ ሲጋራ አጨሰ። ደውሎ ነገረኝ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። «ማስቲካውን አኝኬ ነበር እኮ ጋሼ። ምንም! ትርፉ ቃር ነው።» እንዴት እንዳኘከው ጠየቅኩት። ከአንድ ወገናችን ቤት ቡና ጠጥቶ፣ አቦልና ቶና ደግሞ፣ ወጥቶ ሰልፉ ላይ እንደደረሰ ማስቲካውን አፉ ውስጥ ከተተና እንደ ተራ ማስቲካ እያላመጠ ምራቁን ዋጠ።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ሦስቱም ብዙ ሰው የሚሠራቸው ናቸው።

አንደኛው አኝኮ መዋጡ ነው። ከማስቲካው የሚወጣው ኒኮቲን ወደ ደም የሚገባው በጉንጭ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ነው። ወደ ሆድ የወረደው አብዛኛው ጉበት ላይ ይከስማል፤ የሚተርፈው ስቅታ፣ ማቅለሽለሽና ቃር ነው። አኝካኩ እንዲህ ነው፦ በዝግታ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ወይም የሚቆነጥጥ ስሜት እስኪመጣ ማኘክ። ሲመጣ ማቆምና ማስቲካውን በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ። መቆንጠጡ ሲበርድ፣ ከደቂቃ ገደማ በኋላ፣ እንደገና ጥቂት ማኘክና ወደ ሌላው ጉንጭ ማዞር። ይህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀጥላል። ቃር ከመጣ ምልክቱ ያ ነው፤ ተቸኩሏል፣ ተውጧል።

ሁለተኛው ቡናው ነው። ኒኮቲን የጉንጭን ቆዳ የሚያልፈው አፍ አሲዳማ ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ማስቲካውም ለዚሁ ተብሎ አሲድን የሚቀንስ ነገር ተቀምሞበታል። ቡናና ለስላሳ መጠጥ ግን አሲዳማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጃክ ሄኒንግፊልድ እና ባልደረቦቹ ቡና ወይም ኮላ አፍ ውስጥ እያለ የታኘከ ማስቲካ ኒኮቲኑን ወደ ደም እንደማያስገባ አሳይተዋል። ከማስቲካው በፊት ባሉት አስራ አምስት ደቂቃዎችና እየታኘከ እያለ ከውሃ በቀር ምንም አለመጠጣት የሚመከረው ከዚህ የተነሳ ነው። ለእኛ ሰው ይህ ከሌላው ሁሉ የከበደ መመሪያ ነው፤ ቡናና ሲጋራ በብዙዎቻችን ዘንድ የተጋቡ ናቸውና። መጀመሪያ ቡናው፣ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ፣ አስራ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ማስቲካው።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። የሲጋራ ጭስ ኒኮቲንን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ያደርሳል። ማስቲካ ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ቆይቶ ነው። ሐራራው ከተነሳ በኋላ አፍ ውስጥ የገባ ማስቲካ የሚደርሰው ሐራራው ሲሄድ ነው። ስለዚህ ማስቲካ ሐራራው የሚነሳበትን ቦታ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ወዳጄ ደግሞ ያውቀዋል። ከአየር ማረፊያው ወይም ከሄክስት ሰፈር ተሳፋሪ ይዞ ወደ ሀውፕትባንሆፍ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ እያለ ይጀምረው። ሰልፉ ላይ ሲወጣ ኒኮቲኑ ቀድሞ ደርሷል።

ስለ ቡናው ግን ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳላውቅ ራሴም ብዙ ተንገላትቻለሁ። የትንባሆ ጭስ፣ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ፣ ካፌይንን የሚያከስመውን የጉበት ኢንዛይም ያፈጥነዋል። አጫሽ ሰው ቡና የሚችለው በከፊል ለዚህ ነው። ማጨስ ሲቆም ኢንዛይሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ዝግታው ይመለሳል፤ ያው የለመደው ቡና ደም ውስጥ ይከማቻል። ኒል ቤኖዊትዝ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጋራ ያቆሙ ሰዎችን ተከታትለው፣ የሚጠጡት ቡና ሳይጨምር በደማቸው ያለው ካፌይን ከእጥፍ በላይ ሆኖ፣ ከስድስት ወር በኋላም እንደዚያው ከፍ ብሎ እንደቆየ አገኙ። የካፌይን መብዛት ምልክቱ ምንድን ነው? እጅ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ መቁነጥነጥ፣ እንቅልፍ ማጣት። ይህን ሁሉ ሲጋራ ያቆመ ሰው «ሐራራ» ብሎ ይጠራዋል፣ «ጭንቀት» ብሎም ይጠራዋል። አንዱን ከሌላው እንዴት መለየት ይቻላል? ድንገተኛው ሐራራ ቦታና ምስል ይዞ ይመጣል፣ በደቂቃዎችም ይሄዳል። ካፌይኑ ግን ከቡና በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖት ይጀምራል፣ ሲጋራውን አያሳይም፣ ለሰዓታት ይቆያል። ወዳጄ ቡናውን በግማሽ ቀንሶ አቦል ላይ ማቆም ሲጀምር፣ በአራተኛው ቀን ሌሊት መተኛቱን ነገረኝ።

ስለ ጭንቀቱም አንድ ነገር ልጨምር። ወዳጄ ያን ቀን ሲጋራው ትከሻውን የሚያወርድለት መስሎት ነበር። ለጊዜው ያወርዳል። የሚያወርደው ግን በአብዛኛው ቀድሞ ሲጋራው ራሱ ያስቆለለውን ነው፤ ከመጨረሻው ሲጋራ ወዲህ የተጠራቀመውን መነጫነጭ። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የጥናቶች ድምር፣ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ከወራት በኋላ ጭንቀታቸውም ድብርታቸውም ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ይልቅ እንደቀነሰ አሳይቷል። የእናት ሕመም ዜና በሲጋራ አይቀልም፤ የእህት ስልክ መልሶ ተደውሎ፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ተጠይቆ፣ ለነገ ሲቀጠር ግን ትንሽ ይቀላል። ወዳጄ ከአስር ደቂቃው በኋላ ያደረገው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ ዘዴ በቀኑ መካከል፣ ስምንት መኪና ሰልፍ ላይ እያለ ትዝ ካላለ ዋጋ የለውም። የተጨነቀ ሰው አይመርጥም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ጎልቪትሰር በጀርመን አገር ለረጅም ዓመታት ያጠናው ይህንን ነው፦ «አላጨስም» የሚል ውሳኔ ብቻውን ደካማ ነው፤ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ሁኔታንና ድርጊትን አስቀድሞ ያሰረ ዕቅድ ግን ሁኔታው ሲመጣ ድርጊቱን ይጎትተዋል። በሲጋራ ላይ ያለው ጥቅም መጠነኛ ነው፤ ዋጋው ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ወዳጄ ከፀሐይ መከላከያው በስተጀርባ የለጠፋት ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሰልፉ ላይ ሰው ሲጋራ ከዘረጋልኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰግናለሁ እላለሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከመገናኛ እነሳለሁ።» እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ የዘረጋን እጅ መመለስ ነውር ይመስለናል። እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ስጦታውን አክብሮ ሲጋራውን ይተዋል። ይህን ራሱ ነው የፈጠረው።

ሐራራው ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ካጉረመረመ፣ ቦታ ካልመረጠ፣ እነዚህ ዘዴዎች አይበቁትም። ያኔ መፈተሽ ያለበት ፕላስተሩ ነው፤ ላብ አላቅቆት ይሆን? በየጠዋቱ ተቀይሯል? መጠኑ አንሶ ይሆን? በጀርመን በሲጋራ ፓኮ ላይ የታተመው ነፃ የምክር ስልክ 0800 8 31 31 31 ለዚህም ያገለግላል። እነዚህን ዘዴዎች ለመጠጥም ልጠቀምባቸው ለሚል፣ በየቀኑ ብዙ አልኮል ለሚጠጣ ሰው ግን ይህ ጽሑፍ አይሆነውም፤ መጠጥን በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ሊያመጣና ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ገና ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ዘንድ ነው መሄድ ያለበት።

ወዳጄ እናቱን ሊጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ካቆመ ሁለተኛ ወሩን ይዞ ነበር። ከመሄዱ በፊት ስለ በረራ አስተናጋጆቹ ጥናት አንስቼ፣ ቦሌ ላይ ሊመጣበት የሚችለውን ነገርኩት። ቡናውን ቀድሞ ጠጥቶ ጨርሷል። አብራሪው መውረድ መጀመራቸውን ሲናገር፣ ከማረፋቸው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ማስቲካውን አፉ ውስጥ አደረገ፣ በርበሬው ሲሰማው ጉንጩ ላይ አሳረፈው። ሻንጣውን እየጠበቀ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ እግሬ ቆሟል።»